አርብ ያልተነገረው ስህተት

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። የደወለው ከጥቂት ዓመታት በፊት አብሮኝ ይሠራ የነበረ ወጣት ፕሮግራመር ነው። ጠንቃቃና ሥራ ወዳድ ልጅ ነው፤ አሁን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት ተቀጥሯል። "ጋሼ፣ አንድ ነገር አጥፍቼ ነበር፤ ላማክርዎት ፈልጌ ነው" አለኝ። ድምፁ እንቅልፍ ያጣ ሰው ድምፅ ነበር። "መቼ ነው ያጠፋኸው?" አልኩት። ትንሽ ዝም አለና "ሐሙስ" አለኝ።

ጥፋቱ በአንድ መስመር ትእዛዝ የተፈጸመ ነው። ድርጅቱ የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ፣ የፈረንጁንም ወደ እኛ የሚለውጥ ትንሽ የጃቫስክሪፕት ፓኬጅ አለው፤ እዚህ `qen-lewach` ልበለው። ልጁ ፓኬጁን በድርጅቱ የውስጥ ማከማቻ ላይ ሊያስቀምጥ አስቦ `npm publish` ብሎ ጻፈ። የውስጡን ማከማቻ አድራሻ የሚናገረው መስመር ግን በዚያ ፎልደር ውስጥ አልተጻፈም ነበር። እንዲህ ሲሆን ኤንፒኤም የሚያውቀው አንድ አድራሻ ብቻ ነው፤ የዓለም የጃቫስክሪፕት ሠራተኛ ሁሉ ኮድ የሚያስቀምጥበትና የሚወስድበት ሕዝባዊ መዝገብ። ፓኬጁ በሴኮንዶች ውስጥ እዚያ ወጣ።

ቀን መለወጫ ኮድ ሰው ቢያየው ጉዳት የለውም። ጉዳቱ አብሮት የወጣው ነው። በፎልደሩ ውስጥ፣ ቀጠሮ ሲደርስ ለደንበኛ አጭር መልእክት የሚልክ የሙከራ ኮድ ነበር፤ ለእርሱም ሲባል የመልእክት አገልግሎቱ ቁልፍ `.env` በተባለ ፋይል ተቀምጧል። ልጁ ይህ ፋይል በ`.gitignore` ውስጥ ስለተጻፈ አይወጣም ብሎ አምኖ ነበር። ከወራት በፊት ግን አንድ ባልደረባው ትልልቅ ምስሎች ወደ ፓኬጁ እንዳይገቡ ብሎ `.npmignore` የተባለ ሌላ ፋይል ጨምሯል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይህ ነው፦ `.npmignore` ካለ ኤንፒኤም በዚያ ፎልደር ያለውን `.gitignore` ጨርሶ አያነብም። ሁለቱን አጣምሮ አይሠራም፤ አንዱን ይዞ ሌላውን ይተዋል። በአዲሱ ፋይል ውስጥ ደግሞ የተጻፉት ምስሎቹ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ቁልፉ ከኮዱ ጋር ተጠቅልሎ ወጣ።

ልጁ ስህተቱን ያየው አርብ ጠዋት ነው። ሊነግር ፈራ። ቅዳሜና እሑድን ቤቱ ተቀምጦ "ሰው አላየውም፣ ሰኞ በጸጥታ አነሳዋለሁ" ሲል ከረመ። ሰኞ ሲነጋ ለማንሳት ሞከረ፤ መዝገቡ እምቢ አለው። እኔ ዘንድ የደወለውም ያኔ ነው።

ለምን እምቢ እንዳለው ለማስረዳት ደንቡን መናገር አለብኝ። በኤንፒኤም ደንብ መሠረት አዲስ ፓኬጅ ከወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ባለቤቱ ሊያነሳው ይችላል፤ ይህም በመዝገቡ ላይ ያለ ሌላ ፓኬጅ ካልተመረኮዘበት ነው። 72 ሰዓቱ ካለፈ በኋላ መንገዱ ይጠባል እንጂ አይዘጋም። ሦስት ነገሮች በአንድነት መሟላት አለባቸው፦ ሌላ ፓኬጅ ያልተመረኮዘበት መሆን፣ ባለፈው ሳምንት የወረደው ከ300 ጊዜ በታች መሆን፣ እና ባለቤቱ አንድ ሰው ብቻ መሆን። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ በራስ እጅ ማንሳት አይቻልም።

ሰዓቱን ለማወቅ ይህን ትእዛዝ እንዲሰጥ ነገርኩት፦

```
npm view qen-lewach time
```

የወጣው ሰዓት ሐሙስ 13:12 ነበር። ይህ የግሪንዊች ሰዓት ነው፤ በእኛ ሦስት ሰዓት ይጨመርበታል፣ ስለዚህ ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ማለት ነው። ቆጠራው እሑድ በዚያው ሰዓት አልቋል። ልጁ ቤቱ ተቀምጦ ሲጨነቅ፣ የ72 ሰዓቱ ጊዜ አጠገቡ አለፈ።

ይህን ደንብ የጨካኝ ደንብ አድርገው የሚያዩት አሉ። "የራሴ ኮድ ነው፣ ለምን አላነሳውም?" ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቴም ደንቡ የተወለደበት ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2016 አዘር ኮቹሉ የተባለ ፕሮግራመር "ኪክ" በሚል ስም ካወጣው ፓኬጅ የተነሳ ያንኑ ስም ከያዘ የመልእክት መተግበሪያ ኩባንያ ጋር ተጋጨ። ኤንፒኤም ስሙን ለኩባንያው ፈረደ። ኮቹሉ ተቆጥቶ ማርች 22 ቀን ከ250 በላይ ፓኬጆቹን በአንድ ጊዜ አነሳ። ከእነርሱ አንዱ ሌፍት-ፓድ ነበር፤ 11 መስመር ያህል ኮድ ያለው፣ ሥራውም አንድ ጽሑፍ የተፈለገው ርዝመት እስኪደርስ በግራው በኩል ባዶ ቦታ ወይም ዜሮ መሙላት ብቻ። ግን እርሱ ላይ ሌላ ፓኬጅ ተመርኩዟል፣ በዚያኛው ላይ ሌላው፣ እንዲህ እያለ ሰንሰለቱ እስከ ባቤል ድረስ ይደርስ ነበር። ስለ ኮቹሉም ስለ ኪክም ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ፕሮግራማቸው አልገነባ አለ።

በዚያ ቀን ከሆነው ውስጥ ለእኔ በጣም አስተማሪው ትንሿ ዝርዝር ናት። ሌላ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ሌፍት-ፓድ በባዶው ስም አወጣ፤ ችግሩ ግን አልቆመም። እርሱ ያወጣው ቨርዥን 1.0.0 ነበር፤ ብዙዎቹ ፓኬጆች የሚጠይቁት ደግሞ በስም ጠርተው 0.0.3ን ነው። ስለዚህ ኤንፒኤም የተነሳውን 0.0.3 ከመጠባበቂያው አውጥቶ መለሰው። ሁሉም ነገር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ፈጀ። በሳምንቱ ማንሳት በ24 ሰዓት እንዲገደብ ተወሰነ፤ በኋላ ነው ወደ 72 ሰዓት የሰፋው።

ከዚህ ቀን ወዲህ መዝገቡ የወገነው ከሰጪው ይልቅ ለወሳጁ ነው፤ ልክም ነው እላለሁ። ለሕዝብ የወጣ ኮድ ላይ ሰው ቤቱን ይሠራበታል። በማግስቱ መሠረቱን ነቅሎ መውሰድ የባለቤት መብት ሊሆን አይገባም። የአንድ ቨርዥን ቁጥር አንዴ ከወጣ፣ ቢነሳም እንኳ፣ ሁለተኛ ለሌላ ኮድ የማይሰጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። 1.0.0 ሲባል ትናንትም ዛሬም ያው አንድ ኮድ መሆን አለበት፤ ያለዚያ የሚወስደው ሰው ምን እንደወሰደ አያውቅም።

ወደ ልጁ ልመለስ። 72 ሰዓቱ ስላለፈ ሦስቱን ነገሮች አንድ በአንድ አየን።

መጀመሪያ የወረደበትን ብዛት አየን፤ ከ100 በላይ ሆኖ አገኘነው። ልጁ ደነገጠ፤ ለማንም ያልተነገረ ፓኬጅ እንዴት ከመቶ ጊዜ በላይ ይወርዳል? መልሱ ሰው አለመሆኑ ነው። የመዝገቡን ግልባጭ የሚይዙ ሌሎች ማከማቻዎችና አዲስ የወጣን ሁሉ እየጎተቱ የሚመረምሩ ሮቦቶች አሉ፤ እነርሱም በቁጥሩ ውስጥ ይገባሉ። ከ300 በታች ስለሆነ ለማንሳት አያግድም። ግን ሌላ ነገር ይነግረናል፦ የፓኬጁ ግልባጭ፣ ከነ ቁልፉ፣ እኛ በማናውቃቸው ቦታዎች ተቀምጧል። ከኤንፒኤም መነሳቱ ከእነዚያ አያነሳውም።

ሁለተኛው የባለቤት ጉዳይ ነው። `npm owner ls qen-lewach` ብሎ ሲጠይቅ ሁለት ስሞች ወጡ፤ የራሱና የቡድን መሪው። ሐሙስ ማታ፣ ገና ምንም ሳያውቅ፣ እንደ ልማዳቸው መሪውን ጨምሮት ነበር። ስለዚህ መሪው ሳያውቅ በጸጥታ ማንሳት የሚባል ነገር ከመጀመሪያውም አልነበረም። "አሁን ሄደህ ንገረው፤ እሱ ሲፈቅድ ብቻ ነው ስሙ የሚወጣው" አልኩት። ነገረው። መሪውም ሳይቆጣ ፈቀደ፤ ልጁ ሦስት ቀን ሙሉ የፈራው ንግግር አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ከባዱ ሦስተኛው ነበር። አርብ ከሰዓት በኋላ ሌላ ባልደረባቸው፣ የቀን መለወጫው ሆን ተብሎ የወጣ መስሎት፣ የቀን መምረጫ ሰሌዳ የሚያሳይ ሌላ ፓኬጅ በዚያው ሕዝባዊ መዝገብ ላይ አውጥቷል። ያም በ`package.json` ውስጥ `qen-lewach`ን ይጠራል። መዝገቡ ሰኞ ጠዋት እምቢ ካለባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። 72 ሰዓቱ ባያልፍ ኖሮ እንኳ ይህ ብቻውን ይከለክላቸው ነበር። ልጁ አርብ ጠዋት፣ ባየበት ሰዓት፣ ለክፍሉ አንድ ቃል ቢተነፍስ ሁለተኛው ፓኬጅ ባልወጣ ነበር።

እንደ እድል ሆኖ ሁለተኛው ፓኬጅ ከወጣ ገና 72 ሰዓት አልሞላውም፤ ማንም አልተመረኮዘበትም። ስለዚህ ከላይ ወደ ታች መፍታት ነበረባቸው፤ መጀመሪያ የተመረኮዘውን፣ ቀጥሎ የተመረኮዙበትን። ባልደረባው የራሱን አነሳ። ከዚያ የመሪው ስም ወጣ። ጥቂት ጠብቀው ልጁ ይህን ጻፈ፦

```
npm unpublish qen-lewach --force
```

`--force` የገባው በፓኬጁ ውስጥ ያለው ቨርዥን አንድ ብቻ ስለሆነ ነው። የመጨረሻውን ቨርዥን ማንሳት ሙሉ ፓኬጁን ማንሳት ነውና መሣሪያው ያለዚህ ቃል አይቀበልም። ከአንድ በላይ ቨርዥን ቢኖር ኖሮ `npm unpublish qen-lewach@1.0.0` ብሎ የተበላሸውን ብቻ ማንሳት ይቻል ነበር። ሙሉ ፓኬጅ ሲነሳ ሌላም ዋጋ አለው፦ በዚያ ስም ምንም አዲስ ነገር ለ24 ሰዓት ማውጣት አይቻልም፤ ካለፈ በኋላም 1.0.0 የሚባለው ቁጥር አይመለስም።

ፓኬጁ ተነሳ። ልጁ ተንፍሶ "አለቀ" አለኝ። አላለቀም ነበር።

"ቁልፉስ?" አልኩት። ዝም አለ። የመልእክት አገልግሎቱን ሂሳብ ሲከፍቱ ቀድሞ የተገዛው የመልእክት ሂሳብ ባዶ ነበር። የተላኩት መልእክቶች ዝርዝር ሲታይ የመጀመሪያው እንግዳ መልእክት የተላከው ሐሙስ አመሻሽ ላይ፣ ፓኬጁ ከወጣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ነው። ቅዳሜ ሌሊት የቀረው አልቋል። እነዚያ ሮቦቶች የሚጎትቱት ለመመርመር ብቻ አይደለም፤ ቁልፍ የሚመስል ነገር የሚለቅሙም አሉባቸው። ልጁ አርብ ጠዋት ስህተቱን ሲያይ ፓኬጁን ወዲያው ቢያነሳው ኖሮ እንኳ ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ነበር። የሚያድነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የድሮውን ቁልፍ ሰርዞ አዲስ ማውጣት። ለዚያ ደግሞ 72 ሰዓት የሚባል ገደብ የለም፤ የኤንፒኤም ደንብም አያግደውም። አምስት ደቂቃ ነው።

እዚህ ላይ ነው ትዝብቴ። ልጁ ለምን አላደረገውም? ቁልፉን መቀየር የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ስለነበር ነው። የአገልግሎቱ ሂሳብ የተከፈተው በሥራ አስኪያጁ ስምና ስልክ ነው። ቁልፉን ለመቀየር ለሥራ አስኪያጁ መናገር ግድ ነው፤ ለሥራ አስኪያጁ መናገር ደግሞ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ወይም ከደመወዝ ቅጣት ነው ብሎ አምኗል። ሥራ አስኪያጁ ሰኞ ነገሩን ሲሰማ የጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ "ማነው ያደረገው?" የሚል እንደነበር ልጁ ነግሮኛል። "ቁልፉ ተቀየረ ወይ?" የሚለው ሁለተኛ መጣ። የዚያ ቅደም ተከተል ዋጋ ቅዳሜ ሌሊት ተከፍሏል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን፤ ግን በሽታውን የሚያስደብቀው ማን እንደሆነ ብዙ አንጠይቅም።

ሌላም ያስተዋልኩት አለ። ብዙ ወጣቶች ማንኛውም ስህተት በማንሳት የሚድን ይመስላቸዋል። በፓኬጁ ውስጥ ምስጢር ሳይሆን የተሳሳተ ኮድ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ለምሳሌ ጳጉሜን አምስት ቀን ብቻ አድርጎ የሚቆጥር ቢሆን፣ ማንሳት ትክክለኛ መልስ አይደለም። ያኔ የሚደረገው የተስተካከለውን 1.0.1 ብሎ ማውጣትና የድሮውን ምልክት ማድረግ ነው፦

```
npm deprecate qen-lewach@1.0.0 "የጳጉሜን ስህተት አለበት፤ 1.0.1ን ይጠቀሙ"
```

ኮዱ ካለበት አይነሳም፤ የሚያወርደው ሰው ሁሉ ግን ይህን ማስጠንቀቂያ ያያል። የተመረኮዘበት ሰው ቤቱ አይፈርስበትም፣ ስህተቱም አይደበቅም። ሌሎች መዝገቦችም ወደዚህ ያጋደሉ ናቸው። የራስት ቋንቋ መዝገብ አንድን ቨርዥን "ያንክ" ማድረግ ሲፈቅድ ኮዱን አያጠፋም፤ አዲስ ሰው እንዳይመርጠው ብቻ ያደርጋል። የፓይተኑ ፓይፒአይም ይህንኑ ይፈቅዳል፤ ጨርሶ ማጥፋትም ይቻላል፣ የጠፋውን ፋይል ስም ግን ሁለተኛ መጠቀም አይቻልም።

ደንቡ እንከን የለውም አልልም። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ላይ ጥቂት ሰዎች "ኤቭሪቲንግ" የተባለ ፓኬጅ አወጡ፤ በመዝገቡ ላይ ባለው ፓኬጅ ሁሉ ላይ የሚመረኮዝ ነበር። "ሌላ የተመረኮዘበት አይነሳም" የሚለው ደንብ እንዳለ ሲሠራ፣ ቀድሞ ፓኬጅ ያወጣ ሰው የራሱን ማንሳት የማይችልበት ቀናት መጡ። ኤንፒኤም ጣልቃ ገብቶ ነው የፈታው። የእኛ ልጅ ፓኬጅ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ መፍታት አይረዳውም ነበር። ቁልፉን መቀየር ግን ያኔም ይቻል ነበር።

ድርጅቱ አሁን ሦስት ነገር ለውጧል። በየትኛውም ማከማቻ የማይወጣ ፓኬጅ ሁሉ በ`package.json` ውስጥ `"private": true` ተጽፎበታል፤ ይህ ካለ `npm publish` ጨርሶ አይሠራም። የሚወጣው ደግሞ `"files"` በሚል ዝርዝር፣ ምን እንደሚገባ ተለይቶ ይጻፋል፤ ምን እንደማይገባ ከመቁጠር ይሻላል። ከማውጣት በፊትም `npm pack --dry-run` ይሰጣሉ፤ ምንም ሳይልክ በፓኬጁ የሚገቡትን ፋይሎች ስም ዘርዝሮ ያሳያል። ሐሙስ ይህን ቢያደርግ `.env` የሚለውን ስም በዓይኑ ያየው ነበር።

አራተኛው ገና አልተለወጠም፤ የመልእክቱ ቁልፍ ዛሬም በሥራ አስኪያጁ ስልክ ብቻ ነው የሚቀየረው። የሶፍትዌር ድርጅት የምትመሩ ሁሉ፣ ሰኞ ጠዋት ሠራተኞቻችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ አርብ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ቁልፍ ቢወጣ ለማን ትደውላላችሁ፣ ማንስ ይቀይረዋል? የሁለት ሰው ስም ካልተነገራችሁ፣ ያን ዕለት ሁለት ስም ከነ ስልክ ቁጥራቸው ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ከስሞቹ በላይም "የደወለ አይቀጣም" ብላችሁ በፊርማችሁ ጻፉበት።